ጥድ ላይ የተኛችው ጉጉት የትኛዋ ናት? ቀንዷ፣ የፊቷ ክብ እና የዓይኗ ቀለም

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ስለ ጉጉቷ ፎቶ የከፈትኩት ክር በጣም ረዝሟል። አዲስ የሚገባ ሰው ከላይ እስከ ታች ማንበብ ስለሚከብደው እዚያው መጀመሪያ ላይ የተመለሰውን ጥያቄ ደግሞ ይጠይቃል። ስለዚህ የተባባልነውን በተራ ቁጥሩ ልተርከው። ከጉዳዩ የራቀውን በአጭሩ አልፈዋለሁ፤ ቁም ነገሩ ላይ ግን እቆያለሁ።

መክፈቻው የኔ ነው። ፎቶውን ያነሳሁት ኩታበር በኩል፣ ከአንድ የቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ፣ ከጠዋቱ 5 ሰዓት አካባቢ ነው። ጉጉቷ አንድ ትልቅ የሐበሻ ጥድ ላይ ግንዱን ተጠግታ ቀጥ ብላ ቆማለች። ሰውነቷን አቅጥናለች። ቀንድ የሚመስሉት ሁለቱ የላባ ጉትያዎች ቀጥ ብለው ወደ ላይ ወጥተዋል። ዓይኗን ጨፈን አድርጋለች፤ በስንጥቁ የሚታየው ብርቱካናማ ይመስላል። ፊቷ ትንሽ ወደ ጎን ቢዞርም ጥሩ አድርጎ ይታያል። ከደረቷ በታች ያለውን ግን ቅርንጫፍ ሸፍኖታል። ጥያቄዬ ይህች ባለ ረጅም ጆሮዋ የሐበሻ ጉጉት ናት ወይስ በደጋ ገደል ላይ የሚኖረው ኬፕ የሚሉት ንስር ጉጉት ነው የሚል ነበር። ከዚህ ፎቶ ብቻ መለየት ይቻላል ወይ ብዬም ጨመርኩ።

መልስ 1 የመጣው ወዲያው ነው። «የጦሳ ልጅ» በሚል ስም የሚጽፈው የደሴ ልጅ ምንም አላመነታም። ቀንድ አለው፣ ዓይኑ ብርቱካናማ ነው፣ አገሩ ደግሞ ወደ በሽሎ የሚወርድ ገደል ነው፤ ስለዚህ ንስር ጉጉት ነው ብሎ ዘጋው። ከተናገረው ውስጥ ሐሰት የለም። የኬፕ ንስር ጉጉት እውነትም ብርቱካናማ ዓይን አለው፣ ቀንድ አለው፣ ገደልም ይወዳል። ጣጣው ከዘረዘራቸው ሦስት ነገሮች ሁለቱን ሌላዋም ታሟላለች፤ በሦስተኛው፣ በገደሉ ብቻ ደግሞ ወፍ አይለይም።

መልስ 2 እንኳን ደስ አለህ የሚል ነው። መልስ 3 ላይ ከኮምቦልቻ የምትጽፍ አንዲት እህታችን ጥያቄውን በሌላ መንገድ ተረዳችው። እሷም ቤት ጣሪያ ሥር ጉጉት ገብታ ሌሊት ሌሊት እየጮኸች ሕፃን ታስነሳባታለች፤ በምን ላባርራት ብላ ጠየቀች። ፊቷ ነጭ፣ ልብ የሚመስል ቅርጽ ያለው፣ ቀንድ የሌላት፣ ዓይኗ ትንሽና ጥቁር መሆኑንም ነገረችን። ሳታስበው ሦስቱንም መለያ አሟልታ ሰጠችን። እንደዚህ ያለ ፊት ያላት በየጣሪያውና በየደወል ቤቱ የምትጠለለው ነጭ ጉጉት ናት፤ ከሌሎቹ ጋር የምትምታታ አይደለችም። ኋላ፣ መልስ 5 ላይ፣ አንድ ሰው ጫጩት ካላት ታግሠሽ አሳልፊያት፣ ጫጩቶቹ በርረው ሲወጡ ቀዳዳውን ድፈኚው፣ እስከዚያው አይጦችሽን ትጨርስልሻለች ብሎ በደግ ቃል መለሰላት።

መልስ 4 «ፎቶ ቤት» የሚባለው ሰው ነው። ስሙም ሥራውም ያው ነው፤ ፎቶ ቤት አለው። ስለ ወፍ አላውቅም፣ ስለ ፎቶ ግን አውቃለሁ ብሎ ጀመረ። የለጠፍኩት በቴሌግራም ተልኮ የተጨመቀ ምስል ስለሆነ የላባው ጠርዝ ሁሉ ተደፍጥጧል አለ። ዋናውን ምስል እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል አድርገህ ላክ አለኝ። ላክሁ። ልዩነቱ የትየለሌ ነው። በተጨመቀው ላይ አንድ ቡናማ ድፍን የነበረው ፊት በፋይሉ ላይ ዙሪያውን የከበበው ጥቁር መስመር ወጣለት።

መልስ 6 ላይ «ባለ መነጽሩ» ገባ። ይህ ሰው ላሊበላ አካባቢም ባሌም ወፍ የሚያዩ እንግዶችን ሲያስጎበኝ የኖረ ነው። ባሌ ዲንሾ ላይ፣ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት አጠገብ ባለው የጥድና የኮሶ ደን፣ ባለ ረጅም ጆሮዋን ቀን ቀን ተኝታ ለእንግዶች ሲያሳይ ከርሟል። እዚያው ባሌ የወብ ሸለቆ ገደል ላይ ደግሞ የኬፕ ንስር ጉጉትን ያሳያል። ሁለቱንም በዓይኑ ስለሚያውቅ ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው።

መጀመሪያ ያለው ነገር ቀንድ አለ ወይስ የለም የሚለውን ጥያቄ ተዉት ነው። ቀንዱ ጆሮ አይደለም፤ ወፏ እንደፈለገች የምታስነሳውና የምታስተኛው ላባ ነው። ሰው ሲጠጋት ሰውነቷን ታቀጥናለች፣ ላባዋን ትለጥፋለች፣ ቀንዷን ታቆማለች፤ የደረቀ ቅርንጫፍ ለመምሰል ነው። ሰላም ስትሆን ግን ቀንዱ ወደ ኋላ ተኝቶ ጭንቅላቷ ክብ ይሆናል። ስለዚህ በፎቶው ላይ ቀንዱ ረጅም መሆኑ ከሚነግረን ይልቅ ወፏ እንዳየችህ ይነግረናል አለኝ። እውነቱን ነው፤ በጣም ተጠግቼ ነበር።

ከዚያ ግን ቀንዱ ዋጋ የሚኖረው በርዝመቱ ሳይሆን በሚነሳበት ቦታ ነው አለ። የባለ ረጅም ጆሮዋ ቀንዶች ከግንባሩ መሐል ይነሳሉ፤ ሥራቸው ይቀራረባል፣ ከዚያ ወደ ላይ ይወጣሉ። የንስር ጉጉቱ ግን ከጭንቅላቱ ዳርና ዳር፣ ከቅንድቡ ውጭኛ ጫፍ በላይ ይነሳሉ፤ በመካከላቸው ሰፊ ጠፍጣፋ ግንባር ይቀራል። ቀንዱ ቢቆምም ቢተኛም ሥሩ አይንቀሳቀስም። በኔ ፎቶ ላይ ሁለቱ ሥሮች በጣም የተቀራረቡ ናቸው። ይሁን እንጂ ፊቷ ወደ ጎን ስለዞረ ርቀቱ ከእውነተኛው አንሶ ሊታይ ይችላል ብሎ አስጠነቀቀ። በዚህ ምክንያት ለጊዜው ወደ ባለ ረጅም ጆሮዋ ያዘነበለ ምልክት ብቻ ብሎ መዘገበው።

መልስ 7 የጦሳ ልጅ ተቆጥቶ መጣ። እጁ ላይ ያለው የቆየ የወፍ መጽሐፍ ነጠብጣባሙን ንስር ጉጉት ቢጫ ዓይን እንዳለው ያሳያል፤ ኢትዮጵያም በካርታው ላይ ተቀብታለች። ስለዚህ ኬፕ ባይሆን እንኳ ይኸኛው ንስር ጉጉት ነው፣ መጽሐፍ ይዤ ነው የምናገረው አለ። አነጋገሩ ትንሽ ሻከር ያለ ነበር።

መልስ 8 ባለ መነጽሩ ሳይቆጣ መለሰለት። መጽሐፉ የቆየ ስለሆነ ሁለት ወፎችን አንድ አድርጎ ያሳያል። ቢጫ ዓይን ያለው ነጠብጣባሙ ወደ ደቡብ ያለው ነው። የኛ አገሩ ግራጫው ንስር ጉጉት ዛሬ ለብቻው የሚቆጠር ሲሆን ዓይኑ ጥቁር ቡናማ ነው። ሥዕሉ የደቡቡን፣ ካርታው የሁለቱንም ነው፤ ስህተቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። ብዙ ሰው በዚህ ይወድቃል። እኔ ራሴ ይህን መልስ ለይቼ አስቀምጫለሁ፤ ከክሩ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ውሰድ ብባል እሱን የምወስድ ይመስለኛል።

ከዚህ ተነስቶ የዓይን ቀለም ሥራው ምን እንደሆነ አስረዳ። የዓይን ቀለም ስም ከዝርዝሩ ያስወጣል እንጂ ስም አይሰጥም። ዓይኗ በእርግጥ ብርቱካናማ ወይም ቢጫ ከሆነ ግራጫው ንስር ጉጉት ይወጣል፤ ትልቁ ወተታማ ንስር ጉጉትም ይወጣል፤ የሱም ዓይን ጥቁር ነውና። ወተታማው እንዲያውም ዓይኑን ሲጨፍን የዓይን ቆቡ ሮዝ ሆኖ ይታያል፤ ለተኛ ወፍ ፎቶ ከዚህ የተሻለ ምልክት የለም። የኔዋ ቆብ ግን ቡናማ ላባ የለበሰ ነው። ኬፕና ባለ ረጅም ጆሮዋ ግን ሁለቱም በቢጫና በብርቱካን መካከል ያለ ዓይን ስላላቸው ቀለሙ በነሱ መካከል አይፈርድም።

መልስ 9 ፎቶ ቤት እዚህ ላይ ገባና ቀለሙን ራሱን ማመን አለብን ወይ ብሎ ጠየቀ። ካሜራው ብርሃኑን በራሱ ሲያስተካክል ምስሉ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ሰማያዊ ያደላል። ዓይን ደግሞ በስንጥቅ ሲታይ ከላይ ያለው ሽፋሽፍት ጥላ ይጥልበታል። ፍላሽ ከበራ ያለቀለት ነገር ነው፤ ከዓይን ውስጥ የሚመለሰው ቀይ ብርሃን ዋናውን ቀለም ይውጠዋል። እኔ ፍላሽ አላበራሁም።

ከዚያ አንድ ነገር አሳየን። ጉጉቷ ከቆመችበት ቅርንጫፍ ላይ የራሷ ኩስ ፈሶ ደርቋል። የደረቀ የጉጉት ኩስ ነጭ ነው። በኔ ፎቶ ላይ ግን ቢጫ ቅባት የተቀባ ይመስላል። እንግዲህ ምስሉ ሙሉ በሙሉ ወደ ቢጫ አድልቷል ማለት ነው። ፎቶ ቤት ኩሱ ነጭ እስኪሆን ድረስ ቀለሙን መልሶ አስተካከለና ለጠፈው። ዓይኗ ያኔ ከብርቱካናማ ወደ ወርቃማ ቢጫ ተመለሰች። ጥቁር ግን አልሆነችም። ይህ ሁለቱን ጥቁር ዓይን ንስር ጉጉቶች ከነጥርጣሬያቸው አስወጣቸው። ያን የኩስ መስመር ስንት ጊዜ አይቼው ነበር! ለዓይን ቀለም መለኪያ ይሆናል ብሎ ማን ያስባል።

ከመልስ 10 እስከ 14 ወሬው ወደ ሌላ ሄደ። አንድ ሰው ጉጉት ቤት ላይ ከጮኸች ሞት አለ ሲባል እንዳደገ ጻፈ። ጡረታ የወጡ የደን ሠራተኛ የሆኑት ጋሼ፣ እሳቸውን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው፣ ይህንኑ ይዘው ልጆች በድንጋይ የገደሏትን ስንት ጉጉት በእጃቸው እንዳነሱ ተናገሩ። ሟርት የሚባለው ወፏ ላይ ሳይሆን ድንጋዩን በሚያነሳው ሰው ላይ ነው አሉ፤ ብዙ ሰው አሜን አለ። አንድ አዲስ ገቢ ግን ዓይኗን በደንብ ለማየት ጠጠር ብትወረውርባት ኖሮ ትከፍተው ነበር ብሎ ጻፈ። ጋሼ በዚህ ጊዜ ተቆጡ። የዚያን ያህል መረር ብለው ሲጽፉ አይቻቸው አላውቅም። ቀን የተነሳች ጉጉት ቁራዎችና ጭልፊቶች ያሳድዷታል፣ ሌሎች ወፎችም ይሰበሰቡባታል፣ ያን ማደሪያም ትታ ትሄዳለች፤ አንተ ለአንድ ፎቶ ቤቷን ታስለቅቃታለህ ወይ አሉት። ልጁ መልሱን አጠፋ። ሌላው የቤተ ክርስቲያኑን ስም ጠየቀ፤ ባለ መነጽሩ አትንገረው አለኝ፣ አልነገርኩም። በዚህ የሚቀየም ካለ ይቀየም። ወረዳው ይበቃል።

መልስ 15 ወደ ቁም ነገሩ መለሰን። «ሐይቅ ዳር» የምትባለው ልጅ ከሐይቅ እስጢፋኖስ አካባቢ ያነሳችውን የራሷን ፎቶ ለጠፈች። ክብ ጭንቅላት፣ ቀንድ የሌላት፣ ትልልቅ ጥቁር ዓይኖች። ባለ መነጽሩ ቀንድ ይተኛል ስላለ የኔም ያቺው ናት፣ ቀንዷን አስተኝታ ነው አለች። መልስ 6ን በደንብ አንብባዋለች፤ መደምደሚያዋ ግን ዘለለ።

መልስ 16 ላይ ባለ መነጽሩ፣ እህቴ ብሎ፣ እዚህ ላይ የዓይን ቀለም ሥራውን ይሠራል አላት። ቀንድ ይተኛል እንጂ ቢጫ ዓይን በቀን ብርሃን ጥቁር ቡናማ አይሆንም። ጨለማ ውስጥ ብሌኗ ሰፍቶ ቢጫውን ቀለበት ሊያጠበው ይችላል፤ ያንቺ ፎቶ ግን ፀሐይ ላይ ነው። በዚያ ላይ ነጣ ያሉ ቅንድቦችና ደረቷ ላይ የተጋደሙ ቡናማ መስመሮች አሏት። ይህች ቀንድ ያልተፈጠረላት የአፍሪካ የዛፍ ጉጉት ናት። እሷም ዲንሾ ላይ ከባለ ረጅም ጆሮዋ ጋር በአንድ ደን ታድራለች፤ ስለዚህ በአንድ ደን መገኘት አንድ ዓይነት አያደርግም። ሐይቅ ዳር አመስግና ፎቶዋን በአዲስ ስም መልሳ ለጠፈችው።

አሁን ወደ ፊት ክቡ ደረስን። ለኔ የክሩ እምብርት ይህ ነው።

መልስ 17 ባለ መነጽሩ ነው። የባለ ረጅም ጆሮዋ ወገን አይጥ የሚያድነው በዋናነት በጆሮው ነው። ፊቷ ላይ ያለው የላባ ክብ ድምፅ ሰብስቦ ወደ ጆሮ የሚያስገባ ስለሆነ ሙሉ ነው፤ ከዓይን በታችም ከዓይን በላይም አለ። ዙሪያውን ጥቁር ጠርዝ ይከበዋል፣ ዓይኖቹም ከክቡ መሐል ይቀመጣሉ። ንስር ጉጉት ግን በዓይኑም ብዙ ይመካል፤ ክቡ ጎደሎ ነው። ከጎንና ከታች ይታያል፣ ከዓይን በላይ ግን ወዲያው ያልቅና ግንባሩ ይጀምራል። ንስር ጉጉቱ ነጠላውን እስከ ቅንድቡ እንደ ሳበ ሰው ነው አለ። ይህን ካነበብኩ በኋላ የማንኛውም ጉጉት ፎቶ ሳይ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ከሽፋሽፍቱ በላይ ወዳለው ቦታ ነው።

መልስ 18 የጦሳ ልጅ በዚህ ላይ ጥሩ ጥያቄ አነሳ፤ ሊመሰገን ይገባዋል። አንተው ራስህ ወፏ ስትፈራ ላባዋን ትለጥፋለች ብለሃል፤ ታዲያ ፊቷም አብሮ አይጨመቅም ወይ አለ። የተጨመቀ ክብ ክብ ሊባል አይችልም፤ የንስር ጉጉት ፊትም ሲጠብ ረጅም መስሎ ሊታይ ይችላል ሲል ተከራከረ።

መልስ 19 ባለ መነጽሩ ትክክል ነህ አለው። ስትደበቅ ክቡ ከግራና ከቀኝ ይጠባል፤ ክብ የነበረው ፊት ሞላላ ይሆናል። ስለዚህ ከእንዲህ ያለ ፎቶ ላይ ክቡ ምን ያህል ክብ ነው ብሎ መጠየቅ ያሳስታል። መጠየቅ ያለበት ጠርዙ ከዓይን በላይ ዞሮ ይዘጋል ወይስ ቅንድብ ላይ ይቋረጣል የሚለው ነው። መጥበብ ያልነበረውን ጠርዝ ከዓይን በላይ አይፈጥርም።

መልስ 20 ፎቶ ቤት ፋይሉን አጉልቶ ፊቷን ብቻ ቆርጦ ለጠፈ። ጥቁሩ ጠርዝ ከአገጯ ሥር ተነስቶ በጉንጯ በኩል ይወጣል፣ ከዓይኗ በላይ ይዞራል፣ ከዚያ በሁለቱ ዓይኖች መካከል ወደ ታች ይገባል። ከሽፋሽፍቷ እስከ ላይኛው ጠርዝ ድረስ ያለው ክፍት ቦታ ከዓይኗ ስፋት ይበልጣል። በዓይኖቿ መካከልም ከምንቃሯ ሥር ወደ ላይ የሚወጣ ነጣ ያለ ላባ አለ። በግራ በኩል ያለውን ጠርዝ ጥላ ስለሸፈነው አላየነውም፤ በቀኝ በኩል ያለው ግን እንከን የለውም። ባለ መነጽሩ ባለ ረጅም ጆሮዋ ናት ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ አፉ የተናገረው ይህን ካየ በኋላ ነው።

የጦሳ ልጅ ግን አልተረታም። መልስ 21 ላይ ስለ ትልቅነቷ ጠየቀ። ኬፕ ትልቅ ወፍ ነው፤ ለካትና ይለይልን አለ። ሐሳቡ ጥሩ መስሎኝ ወፏ በሌለችበት ሰዓት ከደኑ ጠባቂ ጋር ሄድኩ። ከእግሯ ሥር ካለው ቅርንጫፍ እስከ ጭንቅላቷ ትይዩ ያለ የተቆረጠ ጉቶ ድረስ በሜትር ለካን፤ 38 ሳንቲ ሜትር ሆነ።

መልስ 22 ላይ ባለ መነጽሩ ልፋቴን አመስግኖ ቁጥሩ ግን አይፈርድም አለ። መጽሐፍ ላይ የሚጻፈው ርዝመት ከምንቃር ጫፍ እስከ ጅራት ጫፍ ወፏ ተዘርግታ የሚለካ ነው። ባለ ረጅም ጆሮዋ ከ42 እስከ 44 ሳንቲ ሜትር ትደርሳለች፣ የኬፕ ንስር ጉጉት ከ46 ጀምሮ ወደ ላይ ነው። ትልቋ ባለ ረጅም ጆሮና ትንሹ ኬፕ በሁለት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው የሚራራቁት። ቆማ ሰውነቷን የሳበች ወፍ ደግሞ ከእግር እስከ ራስ የምትለካው ከሁሉም የተለየ ቁጥር ነው። የሚራራቁት በክብደት ነው፤ ኬፕ አንድ ኪሎና ከዚያ በላይ የሚመዝን ደልዳላ ወፍ ሲሆን ባለ ረጅም ጆሮዋ ግማሽ ኪሎም አትሞላም። ክብደትን ግን ከፎቶ አይመዝኑትም፣ በተለይ ወፏ ራሷን ስታቀጥን።

መልስ 23 «የቦረና ልጅ» ከወደ ሳይንት ጻፈ። ደንቆሮ ደን ውስጥ፣ አሁን ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ በሚባለው፣ ከላይ አስታው ውስጥ እንዲህ ያለች ጥቁር ቡናማ ጉጉት ቀን ተኝታ አይቶ ያውቃል። ፎቶ የለውም። ከሥሯ ያገኛቸውን ጉጉቷ የተፋቻቸውን የፀጉርና የአጥንት ድብልብሎች ሲፈታ የአይጥ የራስ ቅል ብቻ ነው የወጣው። እኛ አገር ጉጉት ደጋ ላይ የሚኖር ሁሉ ገደል ላይ ያድራል የሚባለው ትክክል አይደለም፣ የኛዋ ዛፍ ላይ ነው ያደረችው አለ። ይህ ለየጦሳ ልጅ የገደል ክርክር መልስ ነው። ባለ መነጽሩ ግን ኬፕም አንዳንዴ ዛፍ ላይ እንደሚያድር አስታወሰ፤ ማደሪያው ፍንጭ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም። ወገኑን የሚደግፍ ሐሳብ ሲመጣ እንኳ እንዲህ ማረሙን ወድጄለታለሁ።

መልስ 24 የጦሳ ልጅ ሐሳቡን በግማሽ ለወጠ። ግራጫው አይደለም፣ እሺ። ክቡም ከዓይን በላይ ዞሯል፣ አይቻለሁ። ግን አንድ ጎን ብቻ ነው የታየው። ደረቷን ሳላይ አልፈርምም አለ። ኬፕ ከሆነ የላይኛው ደረቱ በትልልቅ ጥቁር ነጠብጣብ የተዥጎረጎረ ይሆናል፤ ባለ ረጅም ጆሮዋ ከሆነች የላይኛው ደረቷ ጠቆር ብሎ ሆዷ ላይ የቁምና የአግድም መስመሮች ይጠላለፋሉ። በኔ ፎቶ ላይ ከአንገቷ ሥር የሚታየው ሁለት ጣት የሚያህል ቦታ ነው። ጠቆር ያለ ነው፤ ትልቅ ነጠብጣብ የለበትም። ለኔ በቂ ነው። ለሱ አይደለም፤ መብቱ ነው።

ከመልስ 25 በኋላ ሁለት ሰዎች ስለ ካሜራ ዋጋ ተጨቃጨቁ፤ አልፌዋለሁ። መልስ 29 ላይ ግን ሐይቅ ዳር እኔ ልብ ያላልኩትን ነገር አገኘች። በዋናው ፋይል ላይ፣ ከጉጉቷ በስተግራ ከፍ ብሎ፣ ቅጠሉ ውስጥ ሌላ ቡናማ ነገር አለ። አጉልታ ለጠፈችው። የወፍ ጀርባ ነው፤ ላባው ይታያል፣ የክንፉ ጫፍም ይታያል። ጭንቅላቱ ቅጠል ውስጥ ነው። ጥንድ ናቸው አለች።

መልስ 30 ባለ መነጽሩ ጉጉት መሆኑን እቀበላለሁ፣ የትኛው እንደሆነ ግን አልናገርም አለ። ቀንዱ አይታይም፣ ፊቱ አይታይም፣ ዓይኑ አይታይም። አጠገቧ ስለተቀመጠ ብቻ የሷ ዓይነት ነው ማለት መልስ 16 ላይ የተናገርነውን መርሳት ነው። ሐይቅ ዳር ግን አንድ ዛፍ ላይ እንዲህ ተቀራርበው ያደሩት ሁለት ዓይነት ቢሆኑ ይገርመኛል አለች። ጋሼም እሷን ደገፉ። የጦሳ ልጅ በበኩሉ ኬፕ የሆነው ምናልባት ያኛው ነው ብሎ ጻፈ። እዚያ ላይ ቆሟል።

የደኑ ጠባቂ ሁለቱም አሁንም እዚያው ዛፍ ላይ እንደሚያድሩ በስልክ ነግሮኛል። ከዛፉ በስተምሥራቅ ያለው ቁልቁለት ለሁለተኛዋ ፊት ይመቻል፤ ጠዋት ፀሐይዋ ከጀርባ ትሆናለች። ራቅ ብዬ፣ ያለ ፍላሽ፣ ከዚያ በኩል ለማንሳት ነው ሐሳቤ። ከወሎ ደጋ ከፊት ለፊት የተነሳ የጉጉት ፎቶ ያላችሁ ደግሞ እዚሁ ክር ላይ እንደ ፋይል ላኩት፤ ከዓይኗ በላይ ያለው ጠርዝና የቀንዷ ሥር እንዲታይ አድርጋችሁ።